የእህቴን ምግብ ቤት ሜኑ ኦንላይን ሳወጣ ያጋጠመኝና ያስተካከልኩት

እህቴ ገርጂ መብራት ኃይል አካባቢ አሥራ ሁለት ጠረጴዛ ያላት ምግብ ቤት አለቻት። ምሳ ሰዓት ላይ ቦታ አይገኝም፤ ማታ ግን ግማሹ ባዶ ነው። "አንተ ኮምፒዩተር ትችላለህ፣ ሰው ቤቱ ሆኖ የሚያዝበት ነገር ሥራልኝ" አለችኝ። ባለፈው ኅዳር ሥራውን ጀመርኩ። አንድ ገጽ ናት፦ የምግቦቹ ስም፣ ፎቶ፣ ዋጋ፣ የሥራ ሰዓትና ማዘዣ። በሁለት ቅዳሜና እሁድ ጨረስኳት። ለማስተካከል ግን ሦስት ወር ፈጅቶብኛል፤ የምጽፈውም ስለዚያ ሦስት ወር ነው። ለራሱ ወይም ለዘመዱ ምግብ ቤት ይህን ሊሠራ ያሰበ ሰው እኛ የወደቅንበት ቦታ ላይ ባይወድቅ ደስ ይለኛል።

ከገጹ በፊት የነበረው ሜኑ አንድ ምስል ነበር። ዲዛይነር የሠራው፣ ዋጋው ፎቶው ላይ የተጻፈበት፣ በቴሌግራም ለደንበኛ የሚላክ። ዋጋ በተቀየረ ቁጥር አዲስ ምስል ይሠራል፤ አሮጌው ግን ከሰው ስልክ አይጠፋም። አንድ ደንበኛ የስድስት ወር ምስል አውጥቶ "እዚህ ላይ 240 ነው የሚለው" ሲላት እህቴ አፍራ በድሮው ዋጋ ሸጠችለት። ስለዚህ መጀመሪያ የወሰንኩት ዋጋ ፎቶ ላይ እንዳይጻፍ ነው። ዋጋው ከፎቶው ተለይቶ በጽሑፍ ይቀመጣል፣ ከሜኑው ሥርም "ዋጋው የተስተካከለው ጥር 12" የሚል መስመር አለ። ሰው ስክሪንሾት ቢያነሳ እንኳ ቀኑ አብሮት ይሄዳል።

ዋጋውን እኔ ሳልኖር እህቴ ራሷ መቀየር ነበረባት። ለዚህ ጎግል ሺትን ተጠቀምኩ። አራት ዓምድ ብቻ አለው፦ ስም፣ ዋጋ፣ የፎቶ ስም፣ "ዛሬ"። ሺቱን በ`CSV` መልክ ለድረ ገጽ እንዲወጣ አደረግሁትና ገጹ ሲከፈት ከዚያ ያነባል። እህቴ ከስልኳ 320ን ወደ 340 ስትቀይር ገጹም ይቀየራል። ወዲያው ግን አይደለም፤ ጥቂት ደቂቃ ይቆያል። ይህን ሳልነግራት ቀርቼ አንድ ቀን አራት ጊዜ ደጋግማ ቀየረችው። ሌላው ችግር ዋጋ ዓምዱ ውስጥ "320 ብር" ብላ መጻፏ ነበር። "ብር" የሚለው ቃል ሲገባ ቁጥሩ ቁጥር መሆኑ ይቀርና ድምሩ ይበላሻል። አሁን በዚያ ዓምድ ከቁጥር በቀር ሌላ ነገር ሲጻፍ ሺቱ እንዳይቀበል አድርጌዋለሁ።

ከቁጥሩ በላይ ያስቸገረን ግን ቫት ነው። እህቴ የቫት ተመዝጋቢ ናት፣ ደረሰኝ የምትቆርጠው በማሽን ነው። ጠረጴዛ ላይ ያለው የወረቀት ሜኑ ቫትን ሳይጨምር ነው የተጻፈው፤ እኔም እሱኑ ገለበጥኩ። በያይነቱ 320 ይላል። ሞተረኛው ደጃፍ ላይ ደርሶ ደረሰኙን ሲሰጥ 368 ይሆናል። እዚያው ተቀምጦ የሚበላ ሰው ይህን ለምዶታል፣ ሒሳብ ሲመጣ ይጠብቀዋል። ቤቱ ሆኖ 320 ቆጥሮ በእጁ የያዘ ሰው ግን እንደተታለለ ነው የሚሰማው፤ ንዴቱም የሚያርፈው ምንም በማያውቀው ሞተረኛ ላይ ነው። በመጀመሪያው ሳምንት ሁለት ሰው ምግቡን መለሰ። አሁን ገጹ ላይ የሚታየው 368 ነው፣ "ቫት ተካቷል" የሚል ቃል አጠገቡ አለ። እህቴ "ውድ ይመስላል" ብላ ሦስት ቀን ተከራክራኛለች። ከዚያ በኋላ በዋጋ ምክንያት የተመለሰ ምግብ ስለሌለ ክርክሩ ቆመ።

ፎቶውን በተመለከተ ከእኔ ይልቅ ወጥ ሠሪዋ ናት ያስተማረችኝ። እኔ ማታ፣ በምግብ ቤቱ አምፖል ሥር ነበር ያነሳሁት። ቀይ ወጡ ቡናማ፣ ጎመኑ ጥቁር ሆኖ ወጣ። "ይሄ የትናንት ወጥ ነው የሚመስለው" አለችኝ፤ እውነቷን ነው። በማግስቱ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ መስኮቱ ሥር ጠረጴዛ አስቀመጥን፣ መብራቱን ሁሉ አጠፋን፣ ፀሐዩ በቀጥታ እንዳይመታ ቀጭን ነጠላ መስኮቱ ላይ ሰቀልን። በዚያው ስልክ ነው ያነሳሁት፣ ልዩነቱ ግን የሌላ ቤት ምግብ ነበር የሚመስለው። በያይነቱን ልክ ከላይ ማንሳት ይሻላል፣ ዙሪያው የተደረደረው ሁሉ ይታያል። ተጋቢኖን ግን ከጎን ዝቅ ብሎ፣ ከእሳት በወረደ በአንድ ደቂቃ ውስጥ፤ ከዚያ ካለፈ መንተክተኩ ይቆምና ሸክላው ውስጥ ያለው ዝም ያለ ጭቃ ይመስላል።

ፎቶዎቹ ቆንጆ ሆነው ሳለ ቅሬታ መጣ። አንዲት ደንበኛ የደረሳትን ዕቃ ፎቶ አንስታ ላከችልን፤ ከሥሩ "ያዘዝኩት ይሄን አይደለም" ብላ ጽፋለች። ያዘዘችው በያይነቱ ነው፣ የደረሳትም በያይነቱ ነው። ገጹ ላይ ያየችው ግን ሰፊ ትሪ ላይ፣ እንጀራ ላይ የተደረደረ ነው። የደረሳት ክፍልፋይ ያለው የፕላስቲክ ማሸጊያና በፎይል የተጠቀለለ እንጀራ ነው። ወጡን እንጀራው ላይ አድርጎ መላክ አይቻልም፤ መገናኛ እስኪደርስ እንጀራው ርሶ ይበጣጠሳል። ስለዚህ ለእያንዳንዱ በሞተር ለሚላክ ምግብ ሁለት ፎቶ አለ፦ አንዱ ትሪ ላይ ያለው፣ ሌላው ልክ እንደሚደርስበት በማሸጊያው ውስጥ ሆኖ ክዳኑ የተከፈተ። ሁለተኛው ያን ያህል አያምርም። ነገር ግን ደንበኛው ስንት ዓይነት ወጥ፣ ምን ያህል እንጀራ እንደሚመጣለት ያውቃል፤ ያ ቅሬታ ሁለተኛ አልመጣም።

ይህ ነገር ሌላም ነገር አስተማረን። በቤት የሚበላው ሜኑና በሞተር የሚላከው ሜኑ አንድ መሆን የለባቸውም። ሸክላ ጥብስ ሙሉ ጣዕሙ ከሥሩ ካለው ከሰል ነው፤ ማሸጊያ ውስጥ ሃያ አምስት ደቂቃ ሲቆይ በራሱ እንፋሎት ይቀቀላል። ከማድረሻው ዝርዝር አወጣነው። ክትፎ ጥሬውን መላክ በሙቀት ቀን አደገኛ ስለሆነ ለብለብና የበሰለ ብቻ እንልካለን። ተጋቢኖ በመንገድ ላይ ይጠነክራል፤ ወጥ ሠሪዋ ለሚላከው ትንሽ ቀጠን አድርጋ ታወጣዋለች፣ ሲደርስ ልክ ይሆናል። ገጹ ላይ "እዚሁ መጥተው የሚበሉት" የሚል ክፍል አለ፣ ሸክላ ጥብስ እዚያ ፎቶውና ዋጋው አለ፣ የማዘዣ ቁልፍ ግን የለውም።

የፎቶ ክብደትን ችላ ማለት አይቻልም። ከስልኬ የወጣው እያንዳንዱ ፎቶ 4 ሜጋባይት ገደማ ነበር፣ አሥራ ስምንት ፎቶ 72 ሜጋባይት ማለት ነው። እኔ ቤት በዋይፋይ ስለምሞክር አልታወቀኝም። እህቴ በዳታ ስትከፍተው ነጭ ገጽ እያየች ቆየች፣ ጥቅሏም ተበላ። የፎቶዎቹን ወርድ ወደ 1200 ፒክስል አውርጄ በ`WebP` ሳስቀምጣቸው እያንዳንዱ ወደ 120 ኪሎባይት ወረደ፤ ሁሉም ተደምሮ 2 ሜጋባይት አካባቢ ነው። በተጨማሪ ከታች ያሉት ፎቶዎች ሰው ወደ ታች ሲወርድ ብቻ እንዲጫኑ አደረግሁ፦

```html
<img src="beyaynetu.webp" width="1200" height="900" loading="lazy" alt="በያይነቱ">
```

ወርድና ቁመቱን መጻፍ የማያስፈልግ ይመስላል፤ ካልተጻፈ ግን ፎቶው ዘግይቶ ሲመጣ ገጹ ይዘላል። ሰው ሽሮን ሊጫን ሲል ጣቱ ክትፎ ላይ ያርፋል። ደርሶብናል።

አሁን ወደ ሰዓት ልምጣ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት እዚህ ነው። ምግብ ቤቱ ከጠዋቱ 1 ሰዓት እስከ ምሽቱ 3 ሰዓት ክፍት ነው። እህቴ ጎግል ካርታ ላይ የሥራ ሰዓቱን ራሷ ነበር የሞላችው፣ ከእኔ በፊት። ጠዋት `AM`፣ ማታ `PM` መሆኑን ታውቃለች፣ ስለዚህ `1:00 AM` እስከ `3:00 PM` ብላ ሞላች። ለካርታው ግን ይህ ከሌሊቱ 7 ሰዓት እስከ ቀኑ 9 ሰዓት ማለት ነው። እና ከ9 ሰዓት በኋላ የፈለጋት ሰው ሁሉ "ዝግ ነው" የሚል ቀይ ጽሑፍ ያይ ነበር። ማታ ማታ ጠረጴዛው ባዶ የሚሆንበት አንዱ ምክንያት ይሄ ሳይሆን አይቀርም ብዬ አምናለሁ። ያወቅነው ሞተረኛው "ካርታው ዝግ ነው ይላል፣ ልምጣ?" ብሎ ሲደውል ነው።

በካርታው ላይ `7:00 AM` እስከ `9:00 PM` ብለን አረምነው። በገጻችን ላይ ሁለቱንም አቆጣጠር ጎን ለጎን ጻፍኩ፦ "ከጠዋቱ 1፡00 እስከ ምሽቱ 3፡00"፣ ከሥሩ በትንሹ `7:00 AM – 9:00 PM`። ያለ "ጠዋት" እና "ምሽት" ቁጥሩን ብቻ መጻፍ አይበቃም፤ "1፡00 – 3፡00" የሚለውን አንዱ የሁለት ሰዓት ሥራ፣ ሌላው የምሳ ሰዓት ብሎ ያነበዋል። ገጹ ራሱ "አሁን ክፍት ነው" እንዲል ስሠራ ደግሞ የጎብኚውን ስልክ ሰዓት ነበር የተጠቀምኩት። ዋሽንግተን ያለ ሰው ለእናቱ ምግብ ሊያዝ ገብቶ "ዝግ ነው" አለው፤ ገርጂ ላይ ግን ምሳ ሰዓት ነበር። ሰዓቱ ምንጊዜም ከአዲስ አበባ መወሰድ አለበት፦

```js
const h = Number(new Date().toLocaleString("en-GB",
  { hour: "2-digit", hour12: false, timeZone: "Africa/Addis_Ababa" }));
const open = h >= 7 && h < 21;
```

በር የሚዘጋበትና ትዕዛዝ የሚቆምበት ሰዓት አንድ አለመሆኑንም ቆይተን ነው የለየነው። 2፡55 ላይ የመጣ ትዕዛዝ ምድጃው ጠፍቶ፣ ሞተረኛው ሄዶ ያገኘዋል። አሁን ማዘዣው ምሽት 2፡15 ላይ ይቆማል፣ ገጹም ይህን ይናገራል።

ከሰዓት ጋር አብሮ የሚሄደው ጾም ነው። ረቡዕና ዓርብ የጾም ምግብ ከላይ እንዲመጣ፣ በሌላ ቀን ፍስኩ እንዲቀድም በኮድ አሰብኩት። የፍስኩን ምግብ አልደበቅሁም፤ የማይጾም ደንበኛም አለ፣ ቅደም ተከተሉን ብቻ ነው የቀየርኩት። በጣም ብልህ የሆንኩ መስሎኝ ነበር። የ2018 ገና ረቡዕ ዋለ። ገና ረቡዕ ቢውልም ይበላል፤ ሰው ሁሉ ዶሮ በሚፈልግበት ቀን የእኛ ገጽ ሽሮና ምስር ከላይ ደርድሮ ተቀመጠ። ኮዱን ሊያስተካክል የሚነሳ ሰው ደግሞ ከፋሲካ በኋላ ባሉት 50 ቀናት ረቡዕና ዓርብ እንደማይጾም፣ በሌላ በኩል ዐቢይ ጾም ሙሉ 55 ቀን እንደሆነና ቀኑም በየዓመቱ እንደሚቀያየር ማስላት አለበት። ይህን ሁሉ ትቼ ሺቱ ላይ አንድ ሳጥን ጨመርኩ። እህቴ "ጾም" ወይም "ፍስክ" ብላ ትመርጣለች። ቀኑን ከእኔ ኮድ በላይ እሷ ታውቀዋለች።

እስካሁን ያልኩት ሰው የሚያየውን ነው። ማዘዙ ሌላ ታሪክ ነው።

የመጀመሪያው ማዘዣ አሥራ አንድ የሚሞላ ቦታ ነበረው፦ ሙሉ ስም፣ ኢሜይል፣ ክፍለ ከተማ፣ ወረዳ፣ የቤት ቁጥር፣ ሌላም። በሁለት ሳምንት አራት ሰው ሞላው። ከአራቱ ሁለቱ የቤት ቁጥር ላይ "የለም" ብለው ጽፈዋል፤ ሞተረኛው ደግሞ የቤት ቁጥር ቢጻፍለትም አያገኘውም። አዲስ አበባ ውስጥ ቤት የሚገኘው በምልክት ነው፤ ከእገሌ ሕንፃ ጀርባ፣ አረንጓዴ በር፣ ፊት ለፊቱ ሱቅ ያለው። ስለዚህ ሦስት ነገር ብቻ አስቀረሁ፦ ሰፈር፣ የሚታወቅ ምልክት፣ ስልክ። ሰፈሩ የሚመረጥ ነው እንጂ የሚጻፍ አይደለም፣ ምክንያቱም የማድረሻ ዋጋው በእሱ ይወሰናል። ገርጂ፣ ኢምፔሪያልና ጃክሮስ 80 ብር፤ መገናኛ፣ ጉርድ ሾላና ሰሚት 120። ከዚያ ውጭ አናደርስም። ዝርዝሩ ውስጥ ሰፈሩን ያጣ ሰው ከመጀመሪያው ያውቃል፣ ምግብ መርጦ ጨርሶ መጨረሻ ላይ አያዝንም።

ትዕዛዙ የሚደርሰን በቴሌግራም ነው። ገንዘብ ያዥዋ ቀኑን ሙሉ የምትከፍተው እሱን ስለሆነ አዲስ ነገር መማር አላስፈለጋትም። ደንበኛው ምግቡን ይመርጣል፣ ገጹ ይደምራል፣ ቁልፉን ሲጫን የተዘጋጀ መልእክት ይዞ ቴሌግራም ይከፈታል፦

```js
location.href = "https://t.me/USERNAME?text=" + encodeURIComponent(msg);
```

በ`USERNAME` ቦታ የምግብ ቤቱ የቴሌግራም ስም ይገባል። የአንድ እውነተኛ ትዕዛዝ መልእክት ይህን ይመስላል፦

```
2 × በያይነቱ = 736
1 × ተጋቢኖ = 276
ማድረሻ መገናኛ = 120
ጠቅላላ 1132 ብር
ምልክት፦ ከባንኩ ጀርባ፣ ሰማያዊ በር
ስልክ፦ ...
```

ገንዘብ ያዥዋ ይህን አይታ ምንም ሳትጠይቅ ወደ ወጥ ቤት ትናገራለች። ድሮ በስልክ ሲታዘዝ ቢያንስ ሁለት ጊዜ ተመልሶ ይደወል ነበር፣ አንዴ ለአድራሻ፣ አንዴ ለሒሳብ።

ግን አንድ ትልቅ ቀዳዳ ነበረው። ቴሌግራም መልእክቱን ያዘጋጃል እንጂ አይልክም፤ መላኪያውን መጫን ያለበት ደንበኛው ነው። ብዙ ሰው ጽሑፉን ሲያይ የተላከ ይመስለዋል። አንድ አባወራ ከአንድ ሰዓት በኋላ ደውለው "ልጆቼ ራባቸው እኮ፣ የት ደረሰ?" ሲሉ እኛ ጋ ምንም የለም። ይህን ዓይነት ስህተት በእኛ በኩል ማየት አይቻልም፣ ያልመጣ ትዕዛዝ ዱካ የለውም። ቁልፉ ላይ የነበረውን "እዘዝ" የሚል ቃል "ወደ ቴሌግራም ሂድ" ብዬ ቀየርኩ። ከሥሩም "ቴሌግራም ሲከፈት መላኪያውን ይጫኑ። እኛ 'ተቀብለናል' ብለን እስክንመልስ ድረስ ትዕዛዝዎ አልደረሰንም" ብዬ ጻፍኩ። ገንዘብ ያዥዋ ትዕዛዝ ባየች ቁጥር "ተቀብለናል፣ በ45 ደቂቃ ውስጥ" ብላ ትመልሳለች። ሁለተኛዋ ሐረግ ከመጀመሪያዋ እኩል ታስፈልጋለች፤ ጊዜው ካልተነገረው ሰው በሃያ ደቂቃ መደወል ይጀምራል።

የስልክ ቁጥሩ ሲነካ የሚደውል ሆኖ ከገጹ አናት ላይ አለ። ቴሌግራም በ2015 ዓ.ም. ለወራት ተዘግቶ እንደነበር የሚያስታውስ ሰው በእሱ ላይ ብቻ አይንጠለጠልም።

ክፍያው በእጅ፣ በቴሌብር ወይም በባንክ ነው። እዚህ ላይ አንድ ጊዜ ተጎድተናል፦ የተከፈለበት ስክሪንሾት ተላከልን፣ ምግቡ ሄደ፣ ብሩ ግን አልገባም። የሰው ስክሪንሾት ማስረጃ አይደለም። ገንዘብ ያዥዋ የምታምነው በራሷ ስልክ የመጣውን መልእክት ብቻ ነው፣ እሱ እስኪመጣ ሞተረኛው አይነሳም።

"ዛሬ" የምትለዋን የሺቱን ዓምድ መጨረሻ ላይ ያመጣኋት ብዙ ስለለፋንባት ነው። ዓርብ 7 ሰዓት ተኩል ላይ በያይነቱ ያልቃል፣ ገጹ ግን መሸጡን ይቀጥላል። መጀመሪያ ምግቡ ሲያልቅ ወጥ ሠሪዋ ራሷ እንድትሞላ ነበር የጠየቅናት። እጇ ሊጥና ዘይት ሆኖ ስልክ እንድትይዝ መጠየቃችን ትክክል አልነበረም፣ ሁለት ቀን ሞልታ ተወችው። አሁን አሠራሩ እንዲህ ነው፦ አምስት ሰው የሚያበላ ሲቀር ወደ መስኮቷ "በያይነቱ አምስት!" ትላለች፣ ገንዘብ ያዥዋ ያኔውኑ "አለቀ" ብላ ትሞላለች። አምስቱ የሚቀሩት እዚያው ለተቀመጡት ነው፣ እንዲሁም ገጹ እስኪቀየር ባሉት ደቂቃዎች ለሚገባ ትዕዛዝ። ምግቡ ከገጹ አይጠፋም፤ ፎቶው ደብዘዝ ይልና "ዛሬ አልቋል" ይላል፣ ሰው ነገ ቀደም ብሎ እንዲያዝ።

አሁን እየሠራሁበት ያለሁት ከውጭ አገር ለሚያዙት ነው። ዋሽንግተን ያለው ልጅ ያዝዛል፣ እናቱ ሰሚት ይቀበላሉ። ሞተረኛው የላኪውን ስልክ ይዞ ወጥቶ እናትየው በር ላይ ቆሞ ወደ አሜሪካ መደወል ነበረበት። ሁለተኛ የስልክ ቦታ ጨመርኩ፣ "ምግቡን የሚቀበለው ሰው ስልክ" የሚል፤ የሚታየው "ለሌላ ሰው ነው" የሚለውን ለነካ ብቻ ነው። ከዚያ ወዲህ እህቴ ለእናቶቹ አስቀድማ ትደውላለች፤ "እማማ፣ ልጅዎ ምሳ ልኮልዎታል፣ ሞተረኛው ሲደርስ በሩን ይክፈቱለት" ትላቸዋለች።